የርዕሰ መምህር የእንኳን ደህና መጣችሁ ቪዲዮ፦ ስክሪፕቱን ከባዶ ወረቀት እስከ ቀረጻ

ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ መጥራት ይጀምራል። ደዋዩ ብዙ ጊዜ የአማርኛ መምህር ወይም የሚኒ ሚዲያ ኃላፊ ነው። ጥያቄውም ያው ነው፦ «ዳይሬክተራችን ለአዲስ ተማሪዎችና ለወላጆች በቴሌግራም የሚለቀቅ ቪዲዮ ፈልገዋል፤ የሚናገሩትን አንተ ጻፈው ብለውኛል። ምን ብዬ ልጀምር?» በስልክ ስመልስ ግማሹን ጠያቂው ይረሳዋል፣ ግማሹን እኔ እረሳዋለሁ። ስለዚህ ይኸው በጽሑፍ።

ምሳሌዬ እዚሁ ጎንደር የሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህርቷ ሴት ናቸው፤ አዲስ ገቢዎቹ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። የመጨረሻውን ስክሪፕት ሙሉውን ታች አስቀምጬዋለሁ። ግን ቶሎ ብላችሁ እሱን አትቅዱት፤ የስም ዝርዝር የሚለጠፍበት ሰሌዳ ከበሩ በስተቀኝ ያለው እዚያ ትምህርት ቤት ነው እንጂ እናንተ ጋ ላይሆን ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሌላ ቀለም ያለው እስክሪብቶም (ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ)
- ደቂቃና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ
- ለቀረጻ ደህና ካሜራ ያለው ሌላ ስልክ፣ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫም
- በትልቁ የታተመ ስክሪፕት፣ ማተሚያ ከሌለ በማርከር የተጻፈ ፍሊፕ ቻርት
- አንድ ወላጅና አንድ አዲስ ተማሪ (ለሙከራ፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል)

ደረጃ 1፦ ከመጻፍ በፊት በሩ ላይ ቁሙ

የመጀመሪያው ስህተት ወረቀት ይዞ ቢሮ መቀመጥ ነው። ቢሮ ውስጥ ሆናችሁ ከጻፋችሁ ትምህርት ቤቱ መናገር የሚፈልገውን ትጽፋላችሁ። ወላጅ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው።

በምዝገባ ሳምንት አንድ ጠዋት ሦስት ሰዎችን ጠይቁ፦ ጥበቃውን፣ ሪከርድ ክፍል የምትሠራዋን፣ አምና 9ኛ ክፍል ስም ጠሪ የነበረ መምህር። ጥያቄው አንድ ነው፦ «አዲስ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው ምን ይጠይቁሃል?» መልሱን እንዳለ ጻፉት።

እኛ ስንጠይቅ ከጥበቃው የሰማነው «ትምህርት መቼ ነው የሚጀመረው?» እና «ዩኒፎርሙ የትኛው ነው?» የሚሉትን ነበር። ሪከርድ ክፍል ደግሞ «ልጄ የትኛው ክፍል ተመደበ?» የሚለው ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደሚመጣ ነገረችን። ስም ጠሪው መምህር ግን ማንም የማይጠይቀውን ነገር አነሳ። ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከላይ አርማጭሆ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ቅዳሜና እሁድ ስንቅ ሊያመጡ ቤተሰብ ጋ ይሄዳሉ። ሰኞ ሲቀሩ ታመው ይሁን መኪና አጥተው የሚያውቅ የለም። ወላጅ ሩቅ ነው፤ የአከራዩን ስልክ የያዘ መምህር የለም። ይህ ስክሪፕቱ ውስጥ መግባት አለበት ብሎ ድርቅ አለ፣ ልክ ነበር።

ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ለተማሪ ሦስት፣ ለወላጅ ሦስት ነገር ምረጡ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ። ሰሚ ወደ ኋላ መልሶ እንደ ጽሑፍ አያነብም፤ ሰባተኛው ነጥብ ላይ ስትደርሱ ሁለተኛው ጠፍቷል። የቀረውን ሁሉ፣ የመተዳደሪያ ደንቡን፣ የክበባቱን ዝርዝር፣ የላይብረሪውን ሰዓት፣ ከቪዲዮው በታች በጽሑፍ አድርጉት።

ደረጃ 2፦ ማን ለማን እንደሚናገር ለዩ

አንድ ቪዲዮ ነው፤ ሰሚው ግን ሁለት ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ያስቸግራል፤ ተማሪዎቹም «እናንተ» ናቸው፣ ወላጆቹም «እናንተ» ናቸው። «ሰዓት አክብሩ» ሲባል ማንን ነው? አባትየው ለልጁ መሰለው፣ ልጁ ለአባቱ መሰለው፣ አለቀ።

መፍትሔው ስክሪፕቱን በብሎክ መክፈል ነው። መጀመሪያ ለሁሉም አጭር ሰላምታ። ቀጥሎ የተማሪዎች ብሎክ። ከዚያ ዞር መባሉን በግልጽ የሚናገር ዓረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ «አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወላጆችና አሳዳጊዎች»። አንዴ ከዞሩ በኋላ ወደ ተማሪ መመለስ የለም።

ተማሪ ለምን ይቀድማል? ወላጅ ለልጁ የሚባለውን በጉጉት ይሰማል። ልጅ ግን ለወላጅ የሚባለው ከቀደመ ስልኩን ጥሎ ይሄዳል።

ሦስት ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ።

በነጠላ አትጻፉ። «ዩኒፎርምህን ለብሰህ ና» ስትሉ ሴቶቹን አስቀራችሁ፤ «ለብሰህ ወይም ለብሰሽ» ደግሞ ሲነበብ አፍ ያስራል። በብዙ ቁጥር ስትጽፉ ነገሩ ያልቃል።

«እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ኑ» አትበሉ። የሌላቸው አሉ፣ ከአያት ጋር የሚኖሩ አሉ፣ ወላጅ ሩቅ ያለባቸው አሉ። «ወላጆችና አሳዳጊዎች» በሉ፤ መምጣት ለማይችል ደግሞ በማን መተካት እንደሚቻል ንገሩ።

ርዕሰ መምህሩ ስለ ባልደረቦቻቸው ሲናገሩ አንቱታ ይጠብቁ። «መምህር ይቆማሉ፣ ለእሳቸው ንገሩ።» ልጁ በመጀመሪያው ቀን መምህሩን እንዴት እንደሚጠራ የሚማረው ከዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ የንባብ ፍጥነቱን ለኩ

ስንት ገጽ ይበቃል አትበሉኝ፤ መለኪያው ቃል ነው። ርዕሰ መምህሩን አንድ ጋዜጣ ላይ ያለ አንቀጽ በእርጋታ እንዲያነቡ ጠይቁ፣ አንድ ደቂቃ ያዙ፣ ያነበቡትን ቃል ቁጠሩ። የእኛዋ ርዕሰ መምህርት 95 ቃል አካባቢ አነበቡ። ከዚህ የሚፈጥኑም የሚዘገዩም አሉ፤ የራሳችሁን ሰው ለኩ።

ሁለት ደቂቃ ተኩል በ95 ሲባዛ 237 ነው። ግን ሙሉውን አትጻፉ። እስትንፋስ አለ፣ ከብሎክ ወደ ብሎክ ሲታለፍ ዝምታ አለ፣ ለእሱ ከአሥር አንድ እጅ ቀንሱ። ስለዚህ ጣሪያችን 213 ቃል ሆነ። የጻፍኩት 211 ወጣ።

ይህ ስሌት ጥቅሙ ክርክር ላይ ነው። ምክትሉ መጥቶ «ስለ ስነ ምግባርም አንድ ነገር ጨምር» ሲላችሁ «የቱን ላውጣ?» ትላላችሁ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር

የመጣልኝ የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

> በመጀመሪያ ደረጃ በትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብና በራሴ ስም እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሳችሁ እያልኩ፣ ትምህርት ቤታችን ባለፉት ዓመታት ያስመዘገበውን አመርቂ ውጤት አጠናክሮ ለማስቀጠል በሚደረገው ርብርብ ውስጥ...

ይህ የስብሰባ አዳራሽ ቋንቋ ነው። አዳራሽ ውስጥ ሰው በሩ ተዘግቶበት ይሰማል፤ ስልክ ላይ ግን በአውራ ጣቱ ያልፈዋል።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ሦስት ነገር ካደረጉ በቂ ነው፦ ሰላምታ፣ ማን እንደሚናገር፣ የት እንደቆሙ። «የት» የሚለውን ቀላል አታድርጉት። ርዕሰ መምህርቷን ቢሯቸው ውስጥ ከባንዲራና ከዋንጫ አጠገብ ከማስቀመጥ ዋናው በር ላይ አቆምናቸው። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ሲመጣ የሚያየው ያንኑ በር ነው፤ ሳያስበው አወቀው ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ለጆሮ ጻፉ

አማርኛ ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለአንባቢ ችግር የለውም፤ ሰሚ ግን ግሱ እስኪመጣ ድረስ ሁሉንም ተሸክሞ ይጠብቃል። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ሸክሙ ይከብዳል፣ መሃል ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ግስ፣ ቢበዛ ሁለት።

ረቂቁ ውስጥ የነበረች አንዷን እንይ፦

> በትምህርት ቤቱ የመተዳደሪያ ደንብ መሠረት ማንኛውም ተማሪ በማንኛውም ምክንያት ከትምህርት ገበታው በሚቀርበት ጊዜ ወላጅ ወይም አሳዳጊው በዕለቱ ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

21 ቃል ነው። ምን እያለ ነው? «ልጆቻችሁ የሚቀሩ ከሆነ በዚያው ቀን አሳውቁን።» 6 ቃል። የተረፈው 15 ቃል ለአከራይ ስልክ ጉዳይ ዋለ።

«በመሆኑም»፣ «ስለሆነም»፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ» የሚሉትን ሰርዙ። ሰው ሲያወራ አይላቸውም፤ ካሜራ ፊት ሲሉት ደግሞ ፊት ይደርቃል።

ቁጥርን በፊደል ጻፉ። «12» ብላችሁ ካስቀመጣችሁ ካሜራ ፊት የቆመ ሰው ለአፍታ ይቆማል። «አሥራ ሁለት» ብላችሁ ጻፉለት።

ሊጠበቅ የማይችል ቃል ኪዳን ካለ አውጡ። የ9ኛ ክፍል ትምህርት በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚያነሳው ነጥብ ላይ መጀመሪያ «በአማርኛ ብትጠይቁ ማንም አይስቅባችሁም» ብዬ ጽፌ ነበር። አምሳና ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህን ማን ሊያረጋግጥ ይችላል? አንዱ መሳቁ አይቀርም፣ ያን ዕለት ርዕሰ መምህርቷ ውሸታም ሆኑ። «ያልገባችሁን በአማርኛም ቢሆን ጠይቁ» ብዬ ቀየርኩት። ይህን ልጁ ራሱ ማድረግ ይችላል።

ደረጃ 6፦ የሚጠብቁ ፊደሎችን ምልክት አድርጉባቸው

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም። «ስም ጠሪው ይጠራል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ እሱ ሌላውን ይጠራል ወይስ እሱ ራሱ በሌላ ሰው ይጠራል? በዝምታ ስናነብ ከዓውዱ እናስተካክለዋለን። ካሜራ ፊት የቆመ ሰው ግን አፉ ከዓይኑ ይቀድማል፤ አሳስቶ ጀምሮ ይመለሳል፣ ቀረጻው ይበላሻል።

በሌላው ቀለም እስክሪብቶ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ። ሁሉም ላይ አይደለም፣ የሚያሳስተው ላይ ብቻ። በዚያው ቀለም እስትንፋስ የሚወሰድበት ቦታ ላይ አንድ ጭረት፣ ብሎክ የሚቀየርበት ላይ ሁለት ጭረት አስምሩ።

ደረጃ 7፦ ቀኑን ለብቻው አስቀምጡ

አንድ ዓመት ቀኑን መሃል ላይ አስገብቼ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ቀረጽን። ቪዲዮው ሊለቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው የትምህርት መጀመሪያው በአንድ ሳምንት ተገፋ። ዳግም ቀረጻ፣ ዳግም ልብስ፣ ዳግም በር ላይ መቆም። ርዕሰ መምህሩ ያን ቀን የተመለከቱኝን አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ቀኑና ሰዓቱ ያሉበት ብሎክ መጨረሻ ላይ፣ ለብቻው ነው የሚቀረጸው። ቀኑ ሲቀየር አሥራ አምስት ሰከንድ ብቻ ትቀርጻላችሁ። ሌላ ቦታ ላይ «በመጀመሪያው ቀን» ነው የሚባለው እንጂ ቀን አይጠራም። «ነገ»፣ «የፊታችን ሰኞ» የሚባል ነገርም አይግባ፤ ቪዲዮው ከሰው ወደ ሰው ሲላላክ ከሳምንት በኋላ የሚደርሰው አለና የትኛው ሰኞ እንደሆነ አያውቅም።

ቀኑን ሁለት ጊዜ ይበሉት። የመጀመሪያው ሰሚውን ያነቃዋል፤ ሁለተኛውን ይይዘዋል።

ሙሉው ስክሪፕት

*(ለሁሉም፣ ዋናው በር ላይ)*

እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ የትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህርት ነኝ። አሁን የቆምኩት ዋናው በር ላይ ነው። መጀመሪያ የምትገቡበት በር ይኸው ነው።

*(ለተማሪዎች፣ ሰሌዳው አጠገብ)*

መጀመሪያ ለእናንተ ለተማሪዎቹ ልናገር። ስምንተኛ ክፍል ትልልቆቹ እናንተ ነበራችሁ። እዚህ ደግሞ ትንንሾቹ ትሆናላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ግር ይላል። ሁሉም ላይ የደረሰ ነው፤ አትደንግጡ።

በመጀመሪያው ቀን ከበሩ ስትገቡ በስተቀኝ ሰሌዳ አለ። ስማችሁና ክፍላችሁ እዚያ ላይ ተለጥፏል። ስማችሁን ካጣችሁት ወደ ቤት አትመለሱ። ከሰሌዳው አጠገብ ነጭ ጋውን የለበሱ መምህር ይቆማሉ፤ ለእሳቸው ንገሩ።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከአማርኛ በቀር አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ላይገባችሁ ይችላል። ያልገባችሁን በአማርኛም ቢሆን ጠይቁ።

ከገጠር መጥታችሁ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ አላችሁ። የተከራያችሁበትን ሰፈርና የአከራያችሁን ስልክ ለስም ጠሪ መምህራችሁ ስጡ። ብትታመሙ የምንፈልጋችሁ በዚያ ነው።

*(ለወላጆች፣ ግቢው ውስጥ)*

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወላጆችና አሳዳጊዎች። ልጆቻችሁን አምናችሁ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። ከእናንተ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ቀን ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ኑ። እናንተ ካልቻላችሁ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ላኩ። ከስም ጠሪ መምህራቸው ጋር ትተዋወቃላችሁ፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ የዩኒፎርሙን ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት በሩ ላይ የተሰቀለውን ናሙና እዩ። ቀለሙ ተመሳስሎባቸው ሁለት ጊዜ የገዙ አሉ። ዩኒፎርሙ ባይደርስም ልጆቻችሁ ከትምህርት አይቅሩ፤ እስከ መስከረም መጨረሻ በሌላ ልብስ እናስገባለን።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁ የሚቀሩ ከሆነ በዚያው ቀን አሳውቁን። ስልኩ ከቪዲዮው በታች ተጽፏል፤ በሩ ላይ ጥበቃዎችም ይሰጧችኋል።

*(ቀኑ፣ ለብቻው የሚቀረጽ)*

ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ፣ መስከረም አሥራ ሁለት ቀን ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ እንገናኝ። ልድገመው፤ ሰኞ፣ መስከረም አሥራ ሁለት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት።

እንጠብቃችኋለን። በሰላም ያገናኘን።

ሦስት ቦታ መቆማቸውን ልብ በሉ፦ በር፣ ሰሌዳ፣ ግቢ። ለውበት አይደለም። እያንዳንዱ ብሎክ ለብቻው ስለሚቀረጽ አንዱ ላይ ቢሳሳቱ ያችን ብቻ ይደግማሉ፤ ቦታው ስለሚለያይም ቁርጡ አይታወቅም።

ደረጃ 8፦ ካሜራ ከመክፈታችሁ በፊት ሞክሩት

ስክሪፕቱን ለአንድ ወላጅ አንዴ ብቻ አንብቡላቸው። ወረቀቱን አታሳዩ፣ አትድገሙ። ከዚያ «ምን ተባለ?» በሉ።

እኛ የሞከርነው በጥበቃው ላይ ነው፤ ልጁ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ትገባለች። በዚያን ጊዜ ቀኑ የሚነገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሰምቶ ጨረሰና «ደህና ነው መምህር፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል፤ ግን መቼ ነው የሚጀመረው?» አለኝ። «ልድገመው» የምትለዋ ቃል የገባችው ያኔ ነው።

ለተማሪም እንዲሁ። ተማሪው «ሰሌዳ፣ ጋውን የለበሱ መምህር» ካለ አልፏል። «ጎበዝ ሁኑ ብለዋል» ብቻ ካለ ስክሪፕቱ ምክር ሆኗል ማለት ነው፤ ተመለሱ።

ደረጃ 9፦ ቀረጻው

አጠር አድርጌ ልለፈው፣ ስክሪፕቱን የሚነካውን ብቻ። ወረቀቱ ከካሜራው ዓይን ጎን፣ የተናጋሪው ዓይን ከፍታ ላይ ይያዝ። እጃቸው ላይ ከያዙት ቁልቁል እያዩ ያነባሉ፣ ወላጅ ያንን ያየዋል። አንድ ገጽ ላይ አንድ ብሎክ ብቻ ይሁን። ከስልኩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቁ፤ ከዚያ ከራቁ ስልኩ የግቢውን ጫጫታ አብሮ ይወስዳል።

ክረምት ስለሆነ ጠዋት ቅረጹ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ምንም ነገር አይሰማም። መንገድ ዳር ያለ በር ከሆነ ባጃጅ እስኪያልፍ ጠብቁ። የጎንደር ባጃጅ አያልቅም አትበሉ፣ ሃያ ሰከንድ ክፍተት አይጠፋም፤ ብሎኮቹ አጫጭር መሆናቸው እዚህም ጠቀመ።

ደረጃ 10፦ አላላኩ

በ1080 ጥራት የተቀረጸ አንድ ደቂቃ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይወስዳል። ለወላጅ ካርድ ይህ ብዙ ነው። ቴሌግራም ላይ ከመላካችሁ በፊት ጥራቱን ወደ 480 አውርዱት፤ ሁለት ደቂቃ ተኩሉ ወደ 20 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ፊትና ድምፅ በቂ ሆኖ ይታያል። ኔትወርክ ለሚያስቸግራቸው ድምፁን ብቻ ለይታችሁ ከሥሩ አያይዙ። ለዚህ ነው ስክሪፕቱ ውስጥ «ይህን እዩ» ብሎ በጣት መጠቆም የሌለው፤ ድምፁ ብቻውን መቆም አለበት።

ተራ ስልክ ለያዙ ደግሞ አንዷን ነገር በኤስኤምኤስ። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ነው፣ ክፍተቱ ጭምር። ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ሂሳቡም እንዲሁ። የእኛ ይህ ነበር፣ 61 ምልክት፦

> 9ኛ ክፍል አዲስ ተማሪዎች መስከረም 12 ጠዋት 2 ሰዓት በዋናው በር ይግቡ። ወላጅ አብሮ ይምጣ።

አንዳንድ አሮጌ ስልክ ፊደሉን በሳጥን ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ በአንዱ ላይ ሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ

የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ቪዲዮው ውስጥ አይግባ። ቪዲዮ ተቆርጦ፣ ሌላ ጽሑፍ ተለጥፎበት ሊዞር ይችላል። ክፍያ ካለ «ግቢ መጥታችሁ ጠይቁ» በሉ።

የርዕሰ መምህሩን የግል ስልክ አታስገቡ። ቪዲዮው ለዓመታት ይዞራል፤ እሳቸው ቢዛወሩም ስልኩ መጥራቱን አይተውም። የቢሮውን ስልክ አድርጉ።

ከኋላ ልጆች እንዳይታዩ ተጠንቀቁ። የወላጅ ፈቃድ ሳይኖር የልጅ ፊት መልቀቅ ልክ አይደለም። ሰሌዳው አጠገብ ስትቀርጹም የስም ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት ይሁን።

ያልመጣ ነገር አታስተዋውቁ። መጻሕፍቱ መጋዘን ካልገቡ «መጽሐፍ ለሁሉም ይደርሳል» አይባልም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ትልቁ፣ የአምናውን ፈተና ውጤት በመቶኛ መዘርዘር ነው። ልጁ ተመዝግቧል፤ ማሳመን አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው ክፍሉን ነው።

ሌላው ማስፈራራት ነው። «የማይፈቀድ»፣ «እርምጃ እንወስዳለን» የሚል ቃል አራት ጊዜ ያለበት ረቂቅ አይቻለሁ። ልጆቹ ገና አልገቡም እኮ! የስልክና የፀጉር ጉዳይ ስም ጠሪው በመጀመሪያው ሳምንት ይነግራቸዋል።

ሦስተኛው ስክሪፕቱን ለተናጋሪው በቀረጻው ዕለት ጠዋት መስጠት ነው። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ስጡ፣ ድምፅ አውጥተው ሦስት ጊዜ ያንብቡት። አፋቸው የማይመቸውን ቃል ራሳቸው ይቀይሩ። የእኛዋ «ላኩ» የምትለውን ቃል «ስደዱ» ብለው ነው የተናገሩት፤ እንደዚያ ነው የሚያወሩትና ተውኩት።

ስክሪፕቱን በርዕሱና በዓመቱ ሰይማችሁ ሚኒ ሚዲያው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡት። ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀየሩትን፣ ማለትም ቀኑን፣ የሰሌዳውን ቦታ፣ የዩኒፎርሙን የመጨረሻ ጊዜና የቢሮውን ስልክ፣ በሌላው ቀለም አስምሩባቸው። በዚያ ነሐሴ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠራው ያው ደረጃ 1 ነው፦ ጥበቃውን ሄዶ ዘንድሮ ምን እየጠየቁት እንደሆነ መስማት።